በፎቶ ላይ የተንጠለጠለችው የሌሊት ወፍ ፍራፍሬ በል ናት ወይስ ነፍሳት በል? ፊቷንና መጠኗን አይቶ መለየት

ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ፣ ከልደታ የሚላክልኝ ፎቶ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከኮርኒስ በላይ ወይም ግቢ ውስጥ ካለ ትልቅ ዛፍ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ደግሞ «ይህ የሌሊት ወፍ ነው? ፍራፍሬ የሚበላው ነው ወይስ ትንኝ የሚበላው?» የሚል ጥያቄ ተጽፏል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ ከመመለስ ሁሉንም በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጬዋለሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። ጥሩ ፎቶ ሁለቱን ወገኖች ለመለየት ይበቃል። ፍራፍሬ በል ከሆነች ዝርያዋን እስከ መገመት ሊያደርሳችሁ ይችላል። ነፍሳት በል የሆኑት ትንንሽ ቡናማዎች ግን የራስ ቅላቸውና ጥርሳቸው ሳይለካ፣ ወይም ድምፃቸው ተቀድቶ ሳይመረመር በስም አይለዩም። ከፎቶ ብቻ ዝርያቸውን በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያልተጨመቀ፣ ያልተቆረጠ ዋናው ፎቶ
- ፎቶውን አጉልቶ የሚያሳይና ርቀትን በፒክስል የሚለካ ማንኛውም የምስል ፕሮግራም ያለበት ኮምፒውተር (ከሌለ የስልኩን ማያ በማስመሪያ መለካትም ይሠራል)
- ሜትር
- ብርሃኑ ደከም ያለ የእጅ ባትሪ፣ ፊቱ በቀይ ላስቲክ የተሸፈነ ቢሆን ይመረጣል
- ኮርኒስ ውስጥ አንገታችሁን የምታስገቡ ከሆነ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ

ከመጀመራችሁ በፊት

የሌሊት ወፍን በባዶ እጅ አትንኩ፤ የወደቀች ወይም የሞተች ብትመስልም አትንኩ። የእብድ ውሻ በሽታና የእሱ ዘመድ የሆኑ ቫይረሶች በንክሻና በጭረት ይተላለፋሉ። የትንሿ የሌሊት ወፍ ጥርስ የሚተወው ምልክት ደግሞ በዓይን ለመታየት የሚያስቸግር ነው። ከነከሰቻችሁ ወይም ከጫረቻችሁ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ቁስሉ ትንሽ ነው ሳትሉ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። በዋሻ የሚኖረው የግብፅ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ የማርበርግ ቫይረስ ተፈጥሯዊ ተሸካሚ ስለሆነ፣ ብዙ ሆነው በሰፈሩበት ዋሻ ወይም ምድር ቤት ውስጥ ለፎቶ ብላችሁ አትግቡ።

የተከማቸን ደረቅ ኩስ አትጥረጉ። በአቧራው ውስጥ ሳንባን የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖር ይችላል። ማጽዳት ግድ ከሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ በውኃ የተበረዘ በረኪና አርከፍክፉበትና ሲርስ ሰብስቡት።

የድሮ ቤት ኮርኒስ ላይ ስትወጡ ቺፑዱን አትርገጡ፤ የሰው ክብደት አይችልም። እግራችሁ የሚያርፈው በማገሩ ላይ ብቻ መሆን አለበት።

1. ዋናውን ፎቶ አግኙ

በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል በመንገድ ላይ ይጨመቃል። የሚጠፋው ደግሞ በትክክል እናንተ የምትፈልጉት ነገር ነው፤ የጆሮው ጠርዝ፣ የአፍንጫው ቅርጽ፣ የጥፍሩ ጫፍ። ላኪው እንደ ፋይል እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ፎቶውን ቆርጦ እንስሳዋን ብቻ እንዳያስቀርም ንገሩት። ሰዎች ለእናንተ ያቀለሉ እየመሰላቸው ዙሪያውን ይቆርጡታል፤ መጠኗን የምትለኩት ግን በዙሪያዋ ባለው ቆርቆሮ፣ ብሎኬት ወይም ጣውላ ነው።

ራሳችሁ የምታነሡ ከሆነ ከሥሯ ቀጥ ብላችሁ ብቻ አታንሡ። ከሥር የተነሣ ፎቶ የራሷን አናት እንጂ ፊቷን አያሳይም። ትንሽ ራቅ ብላችሁ ከጎን አንድ፣ ከፊት ለፊት አንድ አንሡ። ፍላሽ ከአንድ ጊዜ በላይ አትጠቀሙ። በቀን የተቀሰቀሰች የሌሊት ወፍ ለማታ ያስቀመጠችውን ጉልበት ታባክናለች፤ ግልገል ያቀፈች ከሆነች ደግሞ ደንግጣ ስትነሣ ግልገሏ ሊወድቅ ይችላል።

2. መጀመሪያ የሌሊት ወፍ መሆኗን አረጋግጡ

ከሚላኩልኝ ፎቶዎች ውስጥ የሌሊት ወፍ የሌለባቸው ጥቂት አይደሉም። ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የደረቀ ቅጠል፣ ከማገር ሥር የተሠራ የተርብ ጎጆ፣ ከወራጅ ጋር የተጣበቀች ትልቅ የእሳት ራት፣ ኮርኒስ ጥግ የተኮራመተ አይጥ፣ ራሷን ክንፏ ውስጥ የቀበረች ርግብ፤ ሁሉም በደብዛዛ ብርሃን ያሳስታሉ።

የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ክብደቷን የያዙት እግሮቿ ናቸው ወይ? የሌሊት ወፍ በኋላ እግሮቿ ጥፍሮች ትሰቀላለች፤ ስለዚህ የእግር ጣቶቿ ከላይ፣ ራሷ ከታች ይሆናል። ሁለተኛ፣ በጎኗ በኩል ቀጥ ብሎ የሚወርድ የአጥንት መስመር አለ ወይ? ይህ የታጠፈው ክንፏ የፊት ክንድ ነው፤ ቅጠልም ሆነ የተርብ ጎጆ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ መስመር የለውም። ሦስተኛ፣ በዚያ መስመር የታችኛው ጫፍ ላይ ትንሽ መንጠቆ ትታያለች ወይ? እሷ የአውራ ጣት ጥፍር ናት። ሦስቱን ካገኛችሁ የሌሊት ወፍ ናት፤ አንዱንም ካላገኛችሁ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ። በብዥታ ላይ ፊት መፈለግ የጀመረ ሰው የፈለገውን ፊት ማየቱ አይቀርም።

በቡድን የሰፈሩ ከሆኑ ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። ዳር ላይ ያለችውን፣ ከሌሎቹ ለየት ብላ ሙሉ አካሏ የሚታየውን አንዷን ምረጡና ሥራችሁን በእሷ ላይ ብቻ ሥሩ። መሐል ላይ የአንዷን ክንፍ ከሌላዋ ጆሮ ጋር አገጣጥሞ የሌለ እንስሳ መፍጠር ቀላል ነው።

3. አፍንጫዋን እዩ

ፊት ከመጠን ይቀድማል። ምክንያቱም መጠን በካሜራው ርቀት ይዛባል፤ የአፍንጫ ቅርጽ ግን በቅርብም በሩቅም ያው ነው።

ፍራፍሬ በሏ አፍንጫዋና አፏ ወደ ፊት የወጣ፣ ለስላሳ፣ ምንም ተጨማሪ ቆዳ የሌለበት ነው። ፊቷ የውሻ ቡችላ ፊት ይመስላል። ይህ ቅርጽ የመጣው ከአኗኗሯ ነው፤ ፍሬ የምታገኘው በዓይኗና በአፍንጫዋ ስለሆነ ፊቷ ለማየትና ለማሽተት የተሠራ ነው።

ነፍሳት በሏ በጨለማ የምትበር ትንኝና የእሳት ራት የምትይዘው ድምፅ አውጥታ የገደል ማሚቶውን በማዳመጥ ነው። ስለዚህ ፊቷ ለድምፅ የተሠራ ነው፤ በአብዛኛው አጠር ያለና ጠፍጠፍ ያለ ነው። ከእነርሱ ውስጥ አንዳንዶቹ በአፍንጫቸው በኩል ድምፅ ስለሚያወጡ አፍንጫቸው ላይ የተነባበረ ቆዳ አላቸው። የአንዱ ቡድን ቆዳ የታችኛው ክፍል የፈረስ ጫማ ቅርጽ አለው፤ ከላዩ ደግሞ ሾጠጥ ያለ ቁራጭ ይቆማል። ሌላው ቡድን በግንባሩ መሐል ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ አለው። በአፍንጫ ላይ እንዲህ ያለ ቆዳ ወይም ስንጥቅ በግልጽ ካያችሁ ነገሩ አብቅቷል፤ በኢትዮጵያ ካሉት ፍራፍሬ በሎች አንዱም ይህ የለውም።

መጠንቀቅ ያለባችሁ በተቃራኒው በኩል ነው። አፍንጫዋ ላይ ምንም ስለሌለ ብቻ ፍራፍሬ በል ናት አትበሉ። በከተማ ጣሪያ ሥር የሚያዘወትሩት ነፍሳት በሎች ብዙዎቹ አፍንጫቸው ባዶ ነው። ለእነርሱ ጆሮን ማየት ያስፈልጋል።

4. ጆሮዋንና ዓይኗን እዩ

በዚህ ደረጃ አትቸኩሉ፤ ብዙ ፎቶ የሚፈታው እዚህ ነው።

ፎቶውን አጉሉና የጆሮዋን ጠርዝ በዓይናችሁ ተከተሉ። የፍራፍሬ በሏ ጆሮ ጠርዝ ከሥሩ ተነሥቶ ዞሮ እዚያው ሥሩ ላይ ይገጥማል፤ ስለዚህ ከታች የተዘጋ ቀለበት ሆኖ ይታያል። ጆሮው ቀላል፣ ከራሷ ጋር ሲነጻጸር መጠነኛ ነው፤ ውስጡም የቆመ ነገር የለም። የነፍሳት በሏ ጆሮ ከታች ክፍት ነው፤ ጠርዙ ወደ ጉንጯ ወይም ወደ ግንባሯ ይቀጥላል። ብዙዎቹ ከጆሮ ቀዳዳው ፊት ለፊት የቆመች ትንሽ የቆዳ ምላስ አለቻቸው። ድምፅ ከየትኛው ከፍታ እንደመጣ ለመለየት የምታግዝ ስለሆነች ፍራፍሬ በሎች አያስፈልጓቸውም። የፈረስ ጫማ አፍንጫ ያላቸው ነፍሳት በሎችም ይህች ምላስ የለቻቸውም፤ እነሱን ግን አፍንጫቸው አስቀድሞ ስላጋለጣቸው አያሳስቷችሁም።

በአፍሪካ ከተሞች የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እጅግ የተለመዱት ጅራተ ነጻ የሌሊት ወፎች ጆሯቸው ወፍራም፣ ክብ፣ ወደ ፊት የተደፋ ነው። የአንዳንዶቹ ሁለት ጆሮዎች ግንባር ላይ በቆዳ ይገናኛሉ። የላይኛው ከንፈራቸው ደግሞ የተሸበሸበ ነው። ይህን ፊት አንድ ጊዜ በደንብ ያየ ሰው ሁለተኛ አይስተውም።

ዓይን ቀላሉ ምልክት ነው፤ ግን ያታልላል። ፍራፍሬ በሏ ትልልቅ፣ ወደ ፊት የሚያዩ ዓይኖች አሏት፤ ፍላሽ ሲያርፍባቸው ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሆነው ያበራሉ። የነፍሳት በሏ ዓይን ትንሽ ጥቁር ነጥብ ናት፤ አንዳንዴም በጸጉር ተሸፍና አትታይም። ማታለሉ ያለው ፍላሹ ላይ ነው። እርጥብ አፍንጫ፣ የጤዛ ጠብታ፣ የሚስማር ራስ ሁሉ በፍላሽ ያበራል። ያበራው ነጥብ ዓይን መሆኑን ለማወቅ ሁለተኛውን ፈልጉ፤ ከመሐል መስመሩ እኩል ርቆ ሌላ ነጥብ ከሌለ ዓይን ነው ብላችሁ አትመዝግቡት።

በጆሮዋ ሥር ከፊትም ከኋላም ነጭ የጸጉር ቁጢት ካያችሁ ጥሩ ዕድል ገጥሟችኋል። ይህ በኢትዮጵያ የሚገኙት ባለ ትከሻ ጌጥ ፍራፍሬ በሎች ምልክት ነው። ወንዶቹ ትከሻቸው ላይም ነጭ ጸጉር አላቸው፤ እሱን ግን ሲያርፉ ወደ ውስጥ ስለሚያጥፉት በፎቶ ላይ አለመታየቱ ምንም አያረጋግጥም።

5. ሌባ ጣቷንና ጅራቷን እዩ

ፊቷን ከሸፈነች ወይም ጀርባዋን ከሰጠች እነዚህ ሁለቱ ያድኗችኋል። ሁሉም የሌሊት ወፍ በአውራ ጣቱ ላይ ጥፍር አለው። በአገራችን ያሉት ፍራፍሬ በሎች ግን በሌባ ጣታቸውም ላይ ሌላ ትንሽ ጥፍር አላቸው። በታጠፈው ክንፍ የፊት ጠርዝ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ራቅ ብሎ ሁለተኛ መንጠቆ ከታየ ፍራፍሬ በል ናት። ነፍሳት በል በሌባ ጣቷ ላይ ጥፍር የላትም።

በአብዛኞቹ ነፍሳት በሎች ሁለት እግሮች መካከል ሰፊ ስስ ቆዳ ተወጥሯል፤ ጅራታቸውም በውስጡ ያልፋል። ጅራተ ነጻ በሆኑት ላይ የጅራቱ ግማሽ ያህል ከቆዳው አልፎ እንደ አይጥ ጅራት ይወጣል፤ ኮርኒስ ውስጥ አይጥ ነው የተባሉት አንዳንዶቹም በዚህ ምክንያት ነው። የፍራፍሬ በሏ ጅራት አጭር ነው ወይም ከነጭራሹ የለም፤ በእግሮቿ መካከል ያለው ቆዳም ጠባብ ነው።

አሰቃቀሏም ይረዳል፤ ሆኖም ለድጋፍ ብቻ ተጠቀሙበት። ፍራፍሬ በሏ በነጻ ተንጠልጥላ ክንፎቿን በሰውነቷ ዙሪያ ትጠቀልላለች፤ ራሷንም ወደ ደረቷ አጥፋ ትመለከታችኋለች። ጣሪያ ሥር ያሉት ነፍሳት በሎች አብዛኞቹ ሆዳቸውን ከግድግዳው ወይም ከእንጨቱ ጋር አጣብቀው፣ ክንፋቸውን በጎናቸው አጥፈው ስንጥቅ ውስጥ ይገባሉ። ድጋፍ ብቻ ያልኩት ባለ ፈረስ ጫማ አፍንጫዎቹም በነጻ ተንጠልጥለው ክንፋቸውን ስለሚጠቀልሉ ነው።

6. መጠኗን ለኩ

የምትለኩት የፊት ክንዷን ነው፤ ማለትም ከክርኗ እስከ አንጓዋ ያለውን አጥንት። ቁመቷን አትለኩ። የሌሊት ወፍ ስትተኛ ትኮማተራለች፣ ስትነቃ ትለጠጣለች፤ አጥንቱ ግን አይለወጥም። በደረጃ 2 ያገኛችሁት ቀጥ ያለ መስመር ራሱ ነው፤ አውራ ጣቷ ያለችበት ጫፍ አንጓዋ፣ ሌላው ጫፍ ክርኗ ነው።

ከዚያ በፎቶው ውስጥ መጠኑ የሚታወቅ ነገር ፈልጉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ነገሮች አይጠፉም። አንዱ ብሎኬት ነው፤ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 20 ሳንቲሜትር ነው። ሌላው ሞገድ ያለው ቆርቆሮ ነው፤ በተለመደው ዓይነት ከአንዱ ሞገድ አናት እስከ ቀጣዩ አናት 7.6 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የቆርቆሮ ዓይነት ስለሚለያይ ግን ያንኑ ቆርቆሮ በሜትር አረጋግጡ። ዛፍ ላይ ከሆነች የቅርንጫፉን ውፍረት በግምት አትውሰዱ፤ ከዚያው ዛፍ የወደቀ ቅጠል ለክታችሁ ከጎኗ ካሉት ቅጠሎች ጋር ብታነጻጽሩ ይሻላል።

ስሌቱ ይህ ነው፦

```
የፊት ክንድ (ሳ.ሜ) = የክንዱ ፒክስል ÷ የመለኪያው ፒክስል × የመለኪያው እውነተኛ ርዝመት (ሳ.ሜ)
```

መለኪያው ከእንስሳዋ ጋር በአንድ ርቀት ላይ መሆን አለበት። ይህን ቸል ማለት ከሁሉም የከፋው ስሕተት ስለሆነ ከታች በምሳሌ እመለስበታለሁ።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት። ከ4.5 ሳንቲሜትር በታች የሆነች ያደገች የሌሊት ወፍ ነፍሳት በል ናት። ከ12 ሳንቲሜትር በላይ ከሆነች ፍራፍሬ በል ናት፤ በዛፍ ላይ በብዛት የሚሰፍሩት ገለባማ ቀለም ያላቸው ትልልቆቹ እስከዚያ ይደርሳሉ፤ ክንፋቸው ሲዘረጋ 75 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። በመካከል ያለው ሁሉ የሁለቱም ነው። የግብፅ ፍራፍሬ በሏ ክንድ ከ8.5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ነው፤ ነፍሳት በል ከሆኑት ግዙፎቹ ባለ ቅጠል አፍንጫዎችም እዚያው ይደርሳሉ። በዚህ መካከለኛ ክልል ውስጥ መጠን ምንም አይወስንም፤ የምትፈርዱት በፊቷ፣ በሌባ ጣቷና በጅራቷ ነው።

ያደገች ያልኩት በምክንያት ነው። የትልቋ ፍራፍሬ በል ግልገል ክንድ እንደ ትንሽ ነፍሳት በል ክንድ አጭር ነው። ከጎኗ ወይም ከደረቷ ላይ ትልቅ እንስሳ ካለ የምትለኩት ትልቋን ነው።

7. ከሥሯ ያለውን ተመልከቱ

ይህ ፎቶው ላይ ባይኖርም ላኪውን መጠየቅ ትችላላችሁ። የነፍሳት በሏ ኩስ ደረቅ፣ ጠቆር ያለ፣ የአይጥ ኩስ የሚያህል ነው። በእንጨት ስንጥር ሲጫኑት ወደ ዱቄት ይፈረፈራል፤ በዱቄቱ ውስጥ የሚያብለጨልጩ የነፍሳት ክንፍና ቅርፊት ስብርባሪዎች ይታያሉ። የአይጥ ኩስ ጠንካራ ስለሆነ እንዲህ አይፈረፈርም። ከፍራፍሬ በሏ ሥር ያለው ርጭት ነው፤ ግድግዳና ቅጠል ላይ የሚለጠፍ፣ የፍሬ ዘር ያለበት። ጭማቂው ተመጦ የተተፋ የፍሬ ገለባም ከአጠገቡ ይገኛል።

አንድ ፎቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ከፒያሳ ካለ አሮጌ የእንጨት ሰገነት ቤት የተላከ ፎቶ ነው። ላኪዋ ኮርኒሱን ከፍታ ወደ ላይ አንሥታለች፤ ስልኩ ከጣሪያው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል። ቆርቆሮውን በተሸከመው ማገር ጎን ላይ አምስት ወይም ስድስት ነገሮች ተደርድረዋል። ጥያቄዋ «ግቢያችን ያለውን ዘይቱን የሚበሉት እነዚህ ናቸው?» የሚል ነበር።

ዳር ላይ ያለችውን መረጥኩ። እግሮቿ ከላይ ናቸው፤ የክንድ መስመሩና የአውራ ጣት መንጠቆዋ ይታያሉ፤ ስለዚህ የሌሊት ወፍ ናት። አፍንጫዋ ላይ ምንም የለም፤ ይህ ገና ምንም አይወስንም። ጆሮዎቿ ወፍራምና ወደ ፊት የተደፉ ናቸው፤ ጠርዛቸው ከታች አይገጥምም። ፍላሽ ተጠቅማለች፤ ዓይኖቹ ግን አላበሩም። የላይኛው ከንፈር ላይ የሽብሽብ መስመሮች አሉ። ከኋላዋ፣ ወደ ላይ ከዞረው አካሏ ጫፍ፣ ቀጭን ጅራት ከቆዳው አልፎ ወጥቷል።

ከዚያ ልኬቱ። በቆርቆሮው ላይ ከሞገድ እስከ ሞገድ 380 ፒክስል ነው፤ ላኪዋ በሜትር ስትለካው 7.6 ሳንቲሜትር ሆነ። ስለዚህ አንድ ሳንቲሜትር 50 ፒክስል ነው። ክንዷ 195 ፒክስል ስለሆነ 3.9 ሳንቲሜትር ይመጣል። እንስሳዋ ከቆርቆሮው አምስት ሳንቲሜትር ያህል ወደ ካሜራው ትቀርባለች፤ ያ ከ150 ሳንቲሜትር ውስጥ ሦስት በመቶ ያህል ስሕተት ነው፤ ሲታረም 3.8 ገደማ ይሆናል። በሁለቱም ቁጥር ከ4.5 በታች ናት።

መልሱ፦ ጅራተ ነጻ፣ ነፍሳት በል። ዘይቱኑን የሚበላው ሌላ ነው። ዝርያዋን ግን አልነገርኳትም፤ ፎቶው አይናገርም።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

*ከሩቅ ግድግዳ ጋር መለካት።* ከልደታ የመጣ ሌላ ፎቶ ላይ ላኪው ክንዷን 10 ሳንቲሜትር አድርጎ «ትልቁ ፍራፍሬ በል» ብሎ ደምድሞ ነበር። የለካው ከኋላ ባለው የብሎኬት ግድግዳ ነው። ግድግዳው ከካሜራው 3 ሜትር፣ እንስሳዋ 1.2 ሜትር ትርቃለች። 3ን ለ1.2 ስናካፍል 2.5 ነው፤ ማለትም እንስሳዋ ከግድግዳው አንጻር በ2.5 እጥፍ ገዝፋ ታይታለች። 10ን ለ2.5 ስናካፍል 4 ሳንቲሜትር። ይህን ስሕተት የምታውቁት ፊቷና መጠኗ ሲጣሉ ነው፤ ፊቷ ነፍሳት በል እያለ መጠኗ ግዙፍ ከሆነ መጀመሪያ ርቀቱን ጠይቁ።

*ክንፉን በሙሉ እንደ ክንድ መለካት።* ከአንጓው ቀጥሎ ረጃጅም የጣት አጥንቶች ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። ልኬቱ አውራ ጣቷ ጋ መቆም አለበት።

*የአፍንጫን ቆዳ ቁስል ወይም በሽታ ማድረግ።* «ፊቷ ተበልቷል» ተብሎ የሚላከው አብዛኛው ፎቶ ጤነኛ ባለ ፈረስ ጫማ አፍንጫ ነው። ቁስል በግራና በቀኝ እኩል አይሆንም፤ ይህ ግን እኩል ነው።

*የተከፈተ አፍና ጥርስ አይቶ ደም መጣጭ ማለት።* ደም የሚጠጡት ሦስት ዝርያዎች የሚኖሩት በላቲን አሜሪካ ብቻ ነው። በፎቶው ላይ ያለችው አፏን የከፈተችው ወይ ድምፅ ልታወጣ ነው፣ ወይ እናንተን ፈርታ ነው።

*ቀለምን ማመን።* የአምፖል ብርሃን ቡናማውን ወርቃማ ያደርገዋል፤ ፍላሽ ደግሞ ግራጫውን ያነጣዋል። ከላይ ከጆሮ ሥሩ ነጭ ቁጢት በቀር ቀለምን እንደ መለያ ያላስቀመጥኩት ለዚህ ነው።

*ሁለት ራስ ያላት እንስሳ ማየት።* ግልገል እናቱን አቅፎ ተንጠልጥሏል። ይህን ካያችሁ ተጨማሪ ፎቶ አትጠይቁ፤ ላኪው መብራቱን አጥፍቶ እንዲወርድ ንገሩት።

ሁሉንም አይታችሁ ካልወሰናችሁና ለሌላ ሰው የምትልኩት ከሆነ ሦስት ነገር አያይዙ፦ ያልተቆረጠውን ፋይል፣ ካሜራው ከእንስሳዋ በስንት ሜትር እንደነበረ፣ እንዲሁም ከጎኗ ያለው ቆርቆሮ ወይም ብሎኬት በሜትር ስንት እንደሆነ። ሜትሩን ረስታችሁ ከነበረ ቀን መሄድ አያስፈልጋችሁም፤ ሲመሽና ለአደን ሲወጡ ብትለኩት እነሱም አይረበሹም፣ ቆርቆሮውም የትም አይሄድም።